ማሰሪያው መክፈቻው ላይ፦ ተመልካች ሳያውቀው የሚደግመው የአጭር ቪዲዮ አጨራረስ

ቲክቶክ፣ የዩቲዩብ ሾርትስና የኢንስታግራም ሪልስ አንድ የሚጋሩት ጠባይ አላቸው፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ተመልካቹ በጣቱ ካላሳለፈው በራሱ ከመጀመሪያው ይነሳል። ብዙ ሰው ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ማለቁን ባወቀበት ቅጽበት ነው። «አመሰግናለሁ»፣ «ሰላም ሁኑልኝ»፣ «ላይክና ሼር አትርሱ»፣ የሚጠቁር ስክሪን፣ የቻናሉ ዓርማ፣ ሁሉም ለተመልካቹ «በቃ፣ አልቋል» ብለው ይነግሩታል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ ቀርቶ የሚዘጋው በቪዲዮው መክፈቻ ከሆነ ግን፣ ተመልካቹ ማለቁን የሚያውቀው ሁለተኛው ዙር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

እዚህ የምናየው ያንን አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ነው፤ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚቀዳና የት ላይ እንደሚሰበር። ምሳሌያችን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚቀረጽ የሃያ አምስት ሰከንድ ያህል ቪዲዮ ነው፤ ርእሱም የደንገል ታንኳ።

ከእንግሊዝኛ የተቀዳው ለምን አይገጥምም

በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ሰዎች የለመዱት ዘዴ ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ በእኛ «ለዚህም ነው» ማለት የሆነችውን ሐረግ ያስቀምጡና ይቆርጣሉ። መክፈቻቸው ማንኛውም ተራ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይቀጠልላታል። ይህን ዘዴ እንዳለ ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው የሚገጥመውን እንይ። መክፈቻችን «የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» ይሁን። መጨረሻው «ለዚህም ነው» ብሎ ቢቆረጥ ሲገጣጠም «ለዚህም ነው የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» ይሆናል። ጆሮ ወዲያው ይሰናከላል፤ አማርኛ «ለዚህም ነው» ካለ በኋላ የሚጠብቀው «ቆሞ የሚያርፈው» የሚለውን ነውና።

ታዲያ መክፈቻውን «የጣና ታንኳ ቆሞ የሚያርፈው» ብናደርገውስ? መገጣጠሚያው ይስተካከላል፤ መክፈቻው ግን ይበላሻል። ቪዲዮው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ተመልካቹ «የጣና ታንኳ ቆሞ የሚያርፈው» ብሎ የተንጠለጠለ ነገር ይሰማና ቀጥሎ «የሚሠራው ከደንገል ነው» ሲባል ግራ ይጋባል። «ለምንድን ነው?» ብሎ በጥያቄ መዝጋትም አያድንም፤ ሲደገም «ለዚህም ነው… ለምንድን ነው?» የሚል ትርጉም የለሽ ነገር ይወጣል።

መፍትሔው ያለው በራሱ በአማርኛ አሠራር ውስጥ ነው። አማርኛ ሐሳቡን የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ የምንለው ግስ እስኪመጣ ድረስ የተነገረው ሁሉ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ምክንያቱ፣ ዓላማው፣ ሁኔታው ቀድሞ ይነገራል፤ ዋናው ነገር ይከተላል። «ዝናብ ስለመጣ» ያለ ሰው ገና እንዳልጨረሰ ማንም ያውቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልዩ ሐረግ ፈልጎ የሚፈጥረውን መንጠልጠል እኛ በየቀኑ አነጋገራችን ውስጥ አለን። ስለዚህ አንድን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለሁለት መክፈል በቂ ነው፤ ተንጠልጣዩ ክፍል የቪዲዮው መጨረሻ ይሆናል፣ ማሰሪያ ያለው ክፍል መክፈቻ ይሆናል።

ከመገጣጠሚያው መጀመር

ስክሪፕቱ የሚጻፈው ከላይ ወደ ታች አይደለም። መጀመሪያ የሚጻፈው መገጣጠሚያው ነው፤ አንድ ትንፋሽ የሆነ፣ ሰው በእርግጥ ሊናገረው የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር፦

«የመጠጠው ውሃ ተንጠፍጥፎ፣ ነገ ቀሎ እንዲንሳፈፍ፣ የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል።»

የሚቆረጠው «እንዲንሳፈፍ» ከሚለው ቃል በኋላ ነው። «የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» ወደ ላይ ሄዶ መክፈቻ ይሆናል፤ የቀረው ታች ይቀመጣል። ከዚያ መሃሉ ይሞላል፦

የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል።
የሚሠራው ከደንገል ነው።
የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በአየር የተሞላ።
ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው።
ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ግን አየሩ ለውሃ ቦታ ይለቃል።
ጠዋት ቀሎ የወጣው ታንኳ ከብዶና ዝቅ ብሎ ይመለሳል።
ባለቤቱ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ዛፍ ላይ ያስደግፈዋል።
የመጠጠው ውሃ ተንጠፍጥፎ፣ ነገ ቀሎ እንዲንሳፈፍ፣

ሲቆጠር አርባ ዘጠኝ ቃል ነው። አማርኛ ቃሉ ረጅም ስለሆነ በረጋ አነጋገር በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ብሎ ማስላት ይበጃል፤ ይህ ስክሪፕት ወደ ሃያ አምስት ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። የራሳችሁን ፍጥነት ለማወቅ በስልኩ የሰዓት መቁጠሪያ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በልብ ማንበብ ሁልጊዜ ያፋጥናል፣ አያስተማምንም።

መክፈቻው አራት ቃል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ሁለት ሥራ ስላለበት አጭር መሆን አለበት፤ ለአዲሱ ተመልካች ማጥመጃ ነው፣ ለቆየው ተመልካች ደግሞ ማሰሪያ ነው። ከስድስትና ከሰባት ቃል ካለፈ የተንጠለጠለው ሐሳብ ማሰሪያውን ሳያገኝ ይረሳል። ባለቤቱ ማለትም «የጣና ታንኳ» የሚለው ስም በግልጽ መጠራት አለበት። አማርኛ ባለቤቱን መደበቅ ይወዳል፤ «ቆሞ ያርፋል» ብቻ ብንል ለሁለተኛው ዙር ይበቃ ነበር፤ ለመጀመሪያው ዙር ግን ማን እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ቃላትም ከመክፈቻው ይወጣሉ። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ ተከታታዮቼ»፣ «በዛሬው ቪዲዮ»፣ «ታውቁ ኖሯል?» ከ«እንዲንሳፈፍ» ቀጥለው ሊመጡ አይችሉም። ሰላምታ መተው ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ሰው ዘንድ ሰላም ሳይሉ መግባት ነውር ነውና። ሰላምታው ከቪዲዮው ሥር በሚጻፈው መግለጫ ቢቀመጥ ክብሩም አይጎድልም፣ መገጣጠሚያውም አይሰበርም።

የትኛው ማንጠልጠያ?

ሁሉም ተንጠልጣይ ክፍል እኩል አይሠራም። ከላይ የመረጥነው ዓላማ የሚናገረውን «እንዲ…» ነው። ምክንያት የሚናገረው «ስለ…»ም ጥሩ ነው፤ «ውሃ የጠገበ ደንገል ስለሚከብድ፣ የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» ቢባል ይገጥማል። ሁለቱም የሚመረጡበት ምክንያት አንድ ነው፤ ከእነሱ በኋላ ተናጋሪ በተፈጥሮው ትንሽ ያርፋል። ያቺ እረፍት ቪዲዮው ሲያልቅና ሲጀምር የምትፈጠረዋን ክፍተት ትሸፍናለች።

ሦስተኛው ተቃርኖ ነው። ስለ አባይ ሃያ ሰከንድ እንሥራ ብንል፣ መክፈቻው «አባይ ከጣና ሲወጣ ወንዝ አይመስልም» ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ መውጫው ሰፊና የረጋ ስለሆነ ለዓይን የሐይቁ ቀጣይ ነው የሚመስለው። መሃሉ ውሃው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ አባይ የሚደርስበትን ይተርካል፤ መጨረሻው «ገደሉ ላይ ደርሶ እንዲህ የሚያገሳ ቢሆንም፣» ብሎ ይቆማል። «ቢሆንም» ከሁሉም ይልቅ ጠንካራ ማንጠልጠያ ነው፤ የሰማ ሰው «ቢሆንም ምን?» ማለቱ አይቀርም። ጉድለቱ መክፈቻውና መሃሉ በእርግጥ የሚቃረኑ ካልሆኑ ወዲያው ባዶ መሆኑ መታወቁ ነው።

በጥንቃቄ የሚያዘው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ባለቤቱ ዛፍ ላይ አስደግፎት፣ የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» ቢባል ሰዋስው ባይሰበርም አንድ ነገር ይጎረብጣል። ያስደገፈው የታንኳው ባለቤት ነው፤ «ያርፋል» የተባለው ታንኳው ነው። ቦዝ አንቀጽ በአብዛኛው የሚፈሰው አድራጊው ማሰሪያው ላይ ካለው አድራጊ ጋር አንድ ሆኖ ሲገኝ ነው። አድራጊው ከተለወጠ ጆሮ ለአፍታ ይቆማል፤ በንግግር መሃል ይህ ምንም አይደለም፣ መገጣጠሚያ ላይ ግን ያቺ አፍታ ተመልካቹን ታነቃዋለች።

«ባለቤቱ ዛፍ ላይ ያስደገፈው» ብሎ በ«የ» ቅጽል መቁረጥም ይቻላል፤ «ያስደገፈው የጣና ታንኳ» ብሎ ይያያዛል። የማይመከረው በድምፅ ምክንያት ነው። ቅጽልና ስም ሲነገሩ ተጣብቀው ነው፤ መሃላቸው እረፍት የለም። ቪዲዮው ሲዞር የምትፈጠረው ጥቂት መዘግየት እዚያ ላይ እንደ መንተባተብ ትሰማለች።

«ምክንያቱም» ብሎ መቁረጥ አሁን በጣም የተለመደ ነው። የሚሠራው መክፈቻው በእርግጥ ምክንያት ሲሆን ብቻ ነው። በእኛ ስክሪፕት መክፈቻው ውጤት ነው፤ ታንኳው የሚቆመው በውሃው የተነሣ ነው እንጂ ውሃው የሚገባው በመቆሙ አይደለም። «ምክንያቱም» ቢባል ነገሩ ይገለበጣል። ተመልካቹ ለምን እንዳልጣመው ባይገልጸውም ይሰማዋል።

ሁለተኛው ዙር ምን ይሰጣል

መገጣጠሚያው የቱንም ያህል ቢያምር ተመልካቹን ወደ ሁለተኛው ዙር የሚያስገባው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንዲቆይ ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱ መክፈቻው በሁለተኛው ሲሰማ ሌላ ነገር ማለቱ ነው።

«የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» በመጀመሪያ ሲሰማ እንቆቅልሽ ነው። ታንኳ እንዴት ይቆማል? ምን አደከመው? ሃያ አራት ሰከንድ ቆይቶ ያው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ መልስ ሆኖ ነው፤ ቃሉ አልተለወጠም፣ ሰሚው ነው የተለወጠው። በዚህ ምትክ መክፈቻችን «የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል» ቢሆን ኖሮ ከመጨረሻው ጋር ልናገጥመው እንችል ነበር፤ ሁለተኛ ሲሰማ ግን የሚጨምረው ነገር የለም፤ ተመልካቹ «ሰምቼዋለሁ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ መክፈቻ ስትመርጡ እውነቱን ተናግሮ ምክንያቱን የደበቀ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ።

ምስሉም ይህንን ማገዝ ይችላል። በመጀመሪያው ምስል ላይ ታንኳው ዛፍ ተደግፎ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ያለው አፈር ረጥቧል። መጀመሪያ ያየ ሰው ያንን እርጥበት አያስተውለውም፤ ሐይቅ ዳር ምን ይገርማል? «ተንጠፍጥፎ» የሚለውን ሰምቶ የተመለሰ ሰው ግን ዓይኑ በቀጥታ እዚያ ያርፋል። እንዲህ ዓይነት አንድ ዝርዝር ይበቃል፤ ሦስትና አራት ከተደረገ ቪዲዮው የፍለጋ ጨዋታ ይሆናል።

ድምፁ

ስክሪፕቱ ጥሩ ሆኖ ቪዲዮው የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ላይ ነው። ስክሪፕቱን ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው የመጨረሻውን ቃል ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘጋዋል። «እንዲንሳፈፍ» ዝቅ ብሎ ከተነበበ ሰዋስው ያልዘጋውን ዜማው ይዘጋዋል፤ ሰሚው አለቀ ይላል።

መድኃኒቱ መገጣጠሚያውን ለብቻው እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር መቅዳት ነው። «የመጠጠው ውሃ ተንጠፍጥፎ፣ ነገ ቀሎ እንዲንሳፈፍ፣ የጣና ታንኳ ቆሞ ያርፋል» ብላችሁ ሦስትና አራት ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፤ ከዚያ ድምፁን ከ«እንዲንሳፈፍ» በኋላ ቆርጣችሁ ሁለተኛውን ቁራጭ ወደ ቪዲዮው ራስ ውሰዱት። መሃሉን ለብቻ ቅዱት። ከተቀዱት ውስጥ የሚመረጠው «የጣና ታንኳ» የሚለው በኃይል የተነሳበት ነው፤ በዓረፍተ ነገር መሃል ያለ ቃል ስለሆነ ለስለስ ብሎ የመውጣት ዝንባሌ አለው፣ መክፈቻ ሲሆን ግን ደካማ ይሆናል። ስልኩ ወይም ማይኩ ከአፍ ያለው ርቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መሆን አለበት፤ አንድ ክንድ ራቅ ማለት እንኳ ሌላ ክፍል ውስጥ የገባችሁ ያስመስላል።

ሲቆረጥ አንድ ወጥመድ አለ። «እንዲንሳፈፍ» የሚያልቀው በ«ፍ» ነው። «ፍ» ትንፋሽ ብቻ ናት፤ በካፕከትም ሆነ በሌላ ማቀናበሪያ የድምፁ ሞገድ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ስለምትመስል ዝምታ ናት ተብላ ትቆረጣለች። የቀረው «እንዲንሳፈ» ሆኖ ይሰማል። «ስ»ና «ሽ» የሚጨርሷቸው ቃላትም እንዲሁ ናቸው። በዓይን ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ቁረጡ።

ከቃሉ በኋላ ምን ያህል ዝምታ ይቀመጥ? በሰከንድ ሠላሳ ፍሬም የሚቀረጽ ቪዲዮ ላይ አንዱ ፍሬም ሠላሳ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። መጨረሻው ላይ አምስት ፍሬም፣ መጀመሪያው ላይ ሁለት ፍሬም ቢተው፣ መተግበሪያው ሲዞር ከሚጨምራት መዘግየት ጋር አንድ ሰው በንግግር መሃል የሚያርፈውን ያህል ይሆናል። መክፈቻውን ከዜሮ ማስጀመር «የ» የምትለዋን ፊደል ሊያስበላ ይችላል፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ማስቀረት ደግሞ ተመልካቹ ጣቱን እንዲያነሣ ጊዜ መስጠት ነው።

ከንግግሩ ሥር ያለው የሐይቁ ድምፅ የራሱ ችግር አለው። መጨረሻው ላይ ማዕበል እየመታ፣ መጀመሪያው ላይ ወፍ ብቻ ከተሰማ መገጣጠሚያው ይጋለጣል። የሐይቁን ድምፅ ለብቻው ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቅዱ። ያንን ድምፅ መሃሉ ላይ ለሁለት ቁረጡና ቦታቸውን አለዋውጡ፤ የኋለኛው ግማሽ ፊት ይምጣ፣ የፊተኛው ግማሽ ኋላ ይሂድ። አሁን የፋይሉ መጨረሻና መጀመሪያ ቀድሞ በተፈጥሮ ተያይዘው የነበሩበት ቦታ ነው፤ ሲዞር አንዳች ስፌት የለውም። ስፌቱ መሃል ላይ ስለሚቀር እዚያ ሁለቱን ቁራጭ ለአንድ ሰከንድ ያህል ደራርባችሁ አንዱን እያደበዘዛችሁ ሌላውን አንሡ፤ ንግግሩም ይሸፍነዋል። የተለዋወጠው ድምፅ ርዝመት ከቪዲዮው ርዝመት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሃያ አምስት ሰከንድ ለሆነ ቪዲዮ ሃያ ስድስት ሰከንድ ወስዶ አንዱን ለመደራረቢያ ማዋል ነው። ሙዚቃ ከተጨመረ ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከመተግበሪያው የተመረጠ ዘፈን በመሃል ስንኝ ተቆርጦ ከመነሻው ይጀምራልና። የግድ ከሆነ ዜማ የሌለው፣ እጅግ ዝቅ ያለ ይሁን።

ምስሉና ጽሑፉ

የመጨረሻው ምስል ታንኳው በሁለት እጅ ወደ ዛፉ ሲቃና ነው፤ የመጀመሪያው ምስል ቆሞ ነው። ስልኩ ማቆሚያ ላይ ሳይነቃነቅ ሁለቱን በአንድ ቦታ ከቀረጻችሁ መጨረሻው ራሱ ወደ መጀመሪያው ይፈስሳል። ሁለቱ ተከታትለው ይቀረጹ፤ የአንድ ሰዓት ልዩነት ጥላውን ያንቀሳቅሰዋል። ጠዋት ሁለትና ሦስት ሰዓት አካባቢ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ ድምፁንም ይረብሻል፣ ውሃውንም ያናውጠዋል። የውሃው ነጸብራቅ ስልኩ ብርሃኑን በራሱ እንዲቀያይር ስለሚያደርገው ከመቅረጽ በፊት ታንኳው ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ አለዚያ መገጣጠሚያው ላይ ብልጭታ ይታያል። ባለቤቱን «አባባ፣ ታንኳውን ሲያቆሙት ብንቀርጽ ይፈቅዱልናል?» ብሎ መጠየቅም አስቀድሞ ነው፤ ታንኳው ዛፍ ላይ ከወጣ በኋላ ለቀረጻ ብሎ መልሶ ማውረድ ለሰውየው ድርብ ሥራ ነው።

ስክሪን ላይ ጽሑፍ የምታስቀምጡ ከሆነ የመጨረሻው መስመር በአራት ነጥብ እንዳያልቅ። ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው «።» ካየ አልቋል ይላል። ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል። ሦስት ነጥብ መደርደር ግን «አሁን ይዞራል» ብሎ ማወጅ ነው።

መገጠሙ እንዴት ይታወቃል

ከመለጠፉ በፊት ያለቀውን ፋይል ማቀናበሪያው ላይ ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ አስቀምጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ከዚያ ቪዲዮውን ላላየ ሰው ስልኩን ስጡት፤ ይዞራል አትበሉት። መገጣጠሚያው ላይ ቀና ብሎ ካያችሁ ተሰብሯል። «የሚሠራው ከደንገል ነው» ላይ ደርሶ «እንዴ፣ ጀመረ?» ካለ ይዟል።

ከተለጠፈ በኋላ ዩቲዩብ ላይ `Average percentage viewed` የሚለው፣ ተመልካቾች በአማካይ ከቪዲዮው ምን ያህሉን እንዳዩ የሚያሳየው ቁጥር ከ100 በመቶ ካለፈ ሰዎች ደግመውታል። ከ100 በታች መሆኑ ግን ማንም አልደገመውም ማለት አይደለም። አሥር ሰው አየው እንበል፤ አራቱ በሦስት ሰከንድ አለፉት፣ ሦስቱ ሃያ አምስቱን ሰከንድ አንድ ጊዜ ጨረሱት፣ ሦስቱ ሁለት ጊዜ አዩት። ድምሩ 12፣ 75 እና 150፣ በአንድ ላይ 237 ሰከንድ ነው፤ ለአሥር ሲካፈል 23.7፣ ማለትም 95 በመቶ ገደማ። ከጨረሱት ግማሹ ደግመውት እንኳ ቁጥሩ መቶ አልደረሰም፤ ያወረደው መክፈቻው ላይ ያለፉት አራቱ ናቸው። ስለዚህ ከአማካዩ በፊት በየሰከንዱ ምን ያህል ተመልካች እንደቀረ የሚያሳየውን ግራፍ እዩ። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ከወደቀ ችግሩ መክፈቻው ነው፤ እስከ መጨረሻው ረግቶ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰከንዶች ላይ ከተናደ ማለቂያውን የሚያስታውቅ ነገር አለ፤ የወረደ ድምፅ፣ የደበዘዘ ምስል ወይም አራት ነጥብ ፈልጉ።

የእይታ ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ሾርትስ በተነሣ ወይም በተደገመ ቁጥር አንድ እይታ ብሎ ይቆጥራል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢዞርለት ሦስት ነው። ለአጋርነት መመዘኛና ለክፍያ የሚታየው `Engaged views` የሚለው፣ ተመልካቹ ወዲያው ሳያሳልፍ ማየት የቀጠለባቸውን የሚቆጥረው ሌላው ቁጥር ነው።

ይህ አጨራረስ ከሠላሳ ሰከንድ ለሚያንስ ቪዲዮ ነው የሚስማማው። አንድ ደቂቃ ያዳመጠ ሰው መክፈቻውን በቃል አይዘውም፤ ማሰሪያው ሲመጣ አያውቀውም። ማለቅ ያለበትን ነገርም ማንጠልጠል አይገባም። የጀልባ መነሻ ሰዓት የሚነግር ማስታወቂያ፣ የሐዘን ዜና፣ ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ ገዳማት የተቀረጸ ቡራኬ፣ እነዚህ እስከ ማሰሪያቸው ተነግረው በአራት ነጥብ ይዘጋሉ።